ገንዘቡ ገብቷል፤ ግን አይወጣም
ቼክ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ስለሚያደርገው ጉዞ

አንድ ሰው ቼክ ይዞ ወደ ባንክ ሄደ እንበል። ቼኩን በመስኮቱ አሳልፎ ሰጠ፤ ደረሰኙንም ተቀበለ። ሒሳቡን ቢመለከት የቼኩ ገንዘብ ከቀድሞው ገንዘቡ ላይ ተደምሮ አገኘው። ደስ ብሎት ለማውጣት ቢጠይቅ ግን የባንኩ ሠራተኛ «ገንዘቡ ገብቷል፤ ነገር ግን ገና አይወጣም» አለው። ሰውየው ግራ ተጋባ። ገብቶ ከሆነ ስለ ምን አይወጣም? የማይወጣ ከሆነስ ስለ ምን ገብቷል ይባላል?

ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እንዲያውም መልሱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይገኝም። በተለይ በአሜሪካ አገር፣ በዋሺንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖሩት ወገኖቻችን ነገሩ የዕለት ጉዳይ ነው፤ በዚያ አገር የቤት ኪራይም ሆነ የመኪና ዋጋ፣ አንዳንድ ጊዜም ደመወዝ እስከ ዛሬ ድረስ በቼክ ይከፈላልና። ስለዚህ የአሜሪካን ባንኮች አሠራር ምሳሌ አድርገን ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቼክ ገንዘብ አይደለም

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ቼክ ገንዘብ አለመሆኑ ነው። ቼክ በጽሑፍ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ቼኩን የቆረጠው ሰው ለራሱ ባንክ «ከእኔ ሒሳብ ላይ ይህን ያህል ገንዘብ ለእገሌ ክፈልልኝ» ብሎ ያዛል። ትእዛዙ የተጻፈው ለአንድ ባንክ ብቻ ነው፤ እሱም የቼኩ ቈራጭ ገንዘቡን ያስቀመጠበት ባንክ ነው። ይህን ባንክ ከፋዩ ባንክ እንበለው።

ቼኩን የተቀበለው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ከፋዩ ባንክ አይሄድም። ወደ ራሱ ባንክ ይሄዳል። የእሱ ባንክ ደግሞ ስለ ቼኩ ቈራጭ የሚያውቀው ነገር የለም። በሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ይኑረው አይኑረው፣ ፊርማው የራሱ ይሁን የሌላ፣ ሒሳቡም ተዘግቶ እንደ ሆነ አያውቅም። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ከፋዩ ባንክ ብቻ ነው። ስለዚህ ተቀባዩ ባንክ ቼኩን ሲቀበል የሚገባው ቃል «ይህን ገንዘብ ከከፋዩ ባንክ ጠይቄ አመጣልሃለሁ» የሚል ነው። እስኪመጣለት ድረስም በደንበኛው ሒሳብ ላይ ቁጥሩን ይጽፋል። የጻፈው ቁጥር ግን ጊዜያዊ ነው። ቼኩ ሳይከፈል ከተመለሰ ባንኩ የጻፈውን መልሶ ይሰርዘዋል።

ሁለቱ ሒሳቦች

ከዚህ የተነሣ በእያንዳንዱ ሰው ሒሳብ ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ ቁጥሮች ይኖራሉ። አንደኛው የገባው ሁሉ የተደመረበት፣ በመዝገብ ላይ የሚታየው ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ ዛሬ ሊያዝበት የሚችለው፣ ወጪ የሚሆነው ሒሳብ ነው። ጥሬ ገንዘብ ብቻ ለሚያስገባ ሰው ሁለቱ ቁጥሮች ባብዛኛው እኩል ናቸው። ቼክ በገባ ጊዜ ግን ይለያያሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሴት በሒሳቧ ውስጥ 400 ዶላር አላት። ሰኞ ጧት ከአንድ ግለሰብ የተቀበለችውን የ3,000 ዶላር ቼክ አስገባች። በመዝገብ ላይ የሚታየው ሒሳቧ ወዲያውኑ 3,400 ዶላር ሆነ። ሊወጣ የሚችለው ግን ያው 400 ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ባንኩ ከቼኩ ላይ የመጀመሪያውን 275 ዶላር በማግሥቱ መልቀቅ አለበት፤ ይህ የገንዘብ ልክ ከሐምሌ ወር 2025 ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ ከዚያ በፊት 225 ነበር። እንግዲህ ማክሰኞ ልታወጣ የምትችለው 675 ዶላር ነው። የቀረው በሁለተኛው የሥራ ቀን፣ ማለትም ረቡዕ፣ ሊለቀቅላት ይገባል። በጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ከሆነ ሕጉ ለከፊሉ አንድ ቀን ተጨማሪ ለባንኩ ይፈቅዳል።

አሁን ይህች ሴት 3,400 የሚለውን ቁጥር ብቻ አይታ፣ ማክሰኞ ዕለት የቤት ኪራይ 1,600 ዶላር ልክፈል ብትል የሚደርስባትን መገመት አያዳግትም። ክፍያው ተመላሽ ይሆናል፤ ባከራዩም ፊት ታፍራለች፤ ባንኩም መቀጫ ሊያስከፍላት ይችላል። ያታለላት ሰው የለም። ያሳሳታት፣ ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን ማየት እንደሚገባት አለማወቋ ነው።

የቼኩ ጉዞ

ሰኞ የገባው ቼክ እስከ ረቡዕ ድረስ የት ይቆያል? ቼኩን ገልብጠን ሳይሆን ቀጥ አድርገን ግርጌውን ብንመለከት በተለየ ቅርጽ የታተሙ ቁጥሮችን እናገኛለን። እነዚህ ቁጥሮች የታተሙት ማግኔት ባለበት ቀለም ነው፤ መኪና እንዲያነባቸው ተብሎ ነው። ከነሱ ውስጥ ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር የከፋዩ ባንክ አድራሻ ነው። ከዚያ የቼኩ ቈራጭ የሒሳብ ቁጥርና የቼኩ የራሱ ተራ ቁጥር አሉበት። ለባንኮች እንዲህ ያለ የአድራሻ ቁጥር መስጠት በአሜሪካ የተጀመረው በ1910 ዓ.ም. ነው።

ሰኞ ማታ ባንኩ የዕለቱን ቼኮች ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ከነቁጥራቸው በኮምፒዩተር አድርጎ ወደ ማጣሪያው ይልካል። ማጣሪያው የፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ወይም ባንኮች በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ነው። ማጣሪያው ዘጠኙን አኃዝ አንብቦ እያንዳንዱን ሥዕል ለባለቤቱ ባንክ ያስተላልፋል። ማክሰኞ ጧት የሴትዮዋ ቼክ ሥዕል በከፋዩ ባንክ ዘንድ ይገኛል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ወረቀቱ ራሱ በመኪናና በአውሮፕላን ይጓዝ ነበር። በየሌሊቱ ቼክ ብቻ የጫኑ አውሮፕላኖች ከከተማ ወደ ከተማ ይበሩ ነበር። በመስከረም ወር 2001 ኒው ዮርክና ዋሺንግተን በአሸባሪዎች ሲመቱ፣ በአገሩ ሁሉ አውሮፕላን እንዳይበር ተከለከለ። ያን ጊዜ የቼክ ከረጢቶች በያሉበት ተከማችተው ቀሩ። የፌዴራል ሪዘርቭ ለተቀባዮቹ ባንኮች በሒሳብ የጻፈላቸው፣ ከከፋዮቹ ግን ገና ያልሰበሰበው ገንዘብ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። በደኅናው ጊዜ ግን ይህ ልክ ከአንድ ቢሊዮን በታች ነበር። ከዚህ በኋላ በ2003 ዓ.ም. አንድ ሕግ ወጣ፤ ከጥቅምት ወር 2004 ጀምሮም የቼኩ ሥዕል ታትሞ እንደ ዋናው ቼክ እንዲቆጠር ተደረገ። የፌዴራል ሪዘርቭ የወረቀት ቼክ የሚያጣራባቸው 45 ስፍራዎች በ2010 ዓ.ም. ወደ አንድ ወረዱ።

ገንዘቡ እንዴት ይተላለፋል?

በማጣሪያው ውስጥ የሚሠራው ሥራ የሥዕል ማስተላለፍ ብቻ አይደለም፤ የሒሳብ ማቻቻልም ጭምር ነው። ይህ ጥበብ አሮጌ ነው። በ1770ዎቹ በለንደን ከተማ የባንክ ጸሐፊዎች ቼክ ይዘው ከባንክ ወደ ባንክ መዞሩ ስለሰለቻቸው፣ በሎምባርድ መንገድ አካባቢ ባንድ ስፍራ እየተገናኙ ቼኮቻቸውን መለዋወጥ ጀመሩ። ከዚያም የማጣሪያ ቤት ተቋቋመ።

ለተማሪዎቼ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስረዳ ሦስት ባንኮችን እጽፋለሁ፤ ሀ፣ ለ እና ሐ። በዕለቱ ባንክ ሀ ለባንክ ለ 500፣ ለባንክ ሐ 300 ዶላር መክፈል አለበት። ባንክ ለ ለሀ 400፣ ለሐ 200 መክፈል አለበት። ባንክ ሐ ደግሞ ለሀ 350፣ ለለ 250 ይከፍላል። የቼኮቹ ድምር 2,000 ዶላር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚከፍለውንና የሚቀበለውን ካቻቻለ፣ ሀ የሚከፍለው 50 ብቻ፣ ሐ የሚከፍለው 100 ብቻ፣ ለ ደግሞ የሚቀበለው 150 ይሆናል። 2,000 ዶላር ዕዳ በ150 ዶላር ተዘጋ ማለት ነው። የኒው ዮርክ የማጣሪያ ቤት ጥቅምት 11 ቀን 1853 ዓ.ም. ሥራ በጀመረበት ዕለት 22.6 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ ቼኮች ተለዋውጠው፣ በመጨረሻ ከእጅ ወደ እጅ ማለፍ ያስፈለገው 1.3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት። ባንኮቹ ይህን ሒሳብ የሚዘጉት እያንዳንዱ ቼክ ደኅና መሆኑ ከተመረመረ በኋላ አይደለም። አስቀድመው ይዘጋጉና ምርመራው በኋላ ይደረጋል። ቼኩ መጥፎ ሆኖ ከተገኘ፣ በሌላ ቀን ማጣሪያ ተመላሽ ሆኖ ሒሳቡ ይገለበጣል። ስለዚህ ገንዘቡ ከባንክ ወደ ባንክ ተላልፎ እንኳ ቼኩ ተከፍሎ አለቀ ማለት አይቻልም።

ዝም ማለት መክፈል ነው

እንግዲህ ቼኩ በእርግጥ የሚከፈለው መቼ ነው? የነገሩ ቍልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከፋዩ ባንክ ቼኩ ከደረሰው ቀን ቀጥሎ ባለው የሥራ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ የመወሰን ጊዜ አለው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሒሳቡን ስንቅ፣ ፊርማውን፣ የቼኩን ተራ ቁጥር ይመረምራል። መጥፎ ከሆነ ይመልሰዋል። ደኅና ከሆነ ግን ምን ያደርጋል? ምንም አያደርግም። ዝም ይላል። እኩለ ሌሊቱ ሲያልፍ ዝምታው ራሱ እንደ መክፈል ይቆጠራል።

ተቀባዩ ባንክ «ቼኩ ተከፍሏል» የሚል መልእክት ከወዲያ አይመጣለትም። የሚመጣው መልእክተኛ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። የምሥራች የሚናገር የለም። ይህም የሆነው ከመቶ ቼክ አብዛኛው ደኅና ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ደኅና ቼክ መልስ መላክ ከንቱ ድካም መስሎ ስለታየ ነው። በዚህም ምክንያት የባንኩን ሠራተኛ «ቼኬ አለፈ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሠራተኛው ማስረጃ ይዞ የሚመልስለት ነገር ጥቂት ነው። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚያየው ገንዘቡ መለቀቁንና እስካሁን ተመላሽ አለመምጣቱን ነው። ተመላሹ ግን በመንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሴትዮዋ ቼክ እንመለስና ቀኖቹን እንቁጠር። ሰኞ ገባ፤ ማክሰኞ ከፋዩ ባንክ ዘንድ ደረሰ። ከፋዩ ባንክ እስከ ረቡዕ እኩለ ሌሊት ሊመልሰው ይችላል። ተመላሹም በደንቡ መሠረት ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ8 ሰዓት፣ ከተቀባዩ ባንክ መድረስ አለበት። ገንዘቡ ለሴትዮዋ የሚለቀቀው መቼ ነበር? ረቡዕ። እንግዲህ ባንኩ ገንዘቡን የሚለቀው የቼኩን ዕጣ ሳያውቅ ነው ማለት ነው።

ሕጉ ለምን ያስቸኩላል?

ባንኩ ሳያውቅ ገንዘብ እንዲለቅ የሚያስገድደው ሕግ በ1987 ዓ.ም. በአሜሪካ ኮንግሬስ የጸደቀው ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት መሥራት ጀመረ። ከዚያ በፊት ባንኮች የደንበኞቻቸውን ቼክ ገንዘብ ለሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይዘው ያቆዩት ነበር። ቼኩ ተከፍሎ ካለቀም በኋላ እንኳ ገንዘቡን ለራሳቸው እያሠሩበት ደንበኛውን ያስጠብቁት ነበር። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ምክር ቤቱም ባንኮቹን በቀን ቈጥሮ አሰራቸው።

ሆኖም ሕጉ ሊወስን የቻለው ቀኑን ነው እንጂ የቼኩን እውነተኝነት አይደለም። «በሁለተኛው ቀን ልቀቅ» ሲል «በሁለተኛው ቀን ቼኩ ደኅና መሆኑ ይታወቃል» ማለቱ አይደለም። ለደንበኛው የተሰጠው ገንዘቡን የመጠቀም መብት ነው፤ ቼኩ ቢመለስ ዕዳው ከደንበኛው ላይ አይወርድም።

ባንኩ ሥጋት ካደረበት ደግሞ ጊዜውን የሚያራዝምባቸው ምክንያቶች በሕጉ ተቆጥረዋል። ሒሳቡ ከተከፈተ ገና ሠላሳ ቀን ያልሞላው ከሆነ፣ በአንድ ቀን የገባው ቼክ ከ6,725 ዶላር የበለጠ ከሆነ፣ ቼኩ አንድ ጊዜ ተመልሶ እንደገና የገባ ከሆነ፣ ባለቤቱ ከሒሳቡ በላይ ደጋግሞ ያወጣ ከሆነ፣ ወይም ቼኩን የሚያጠራጥር ምክንያት ካለ፣ ባንኩ ብዙውን ጊዜ አምስት የሥራ ቀን መጨመር ይችላል። እንዲህ ሲያደርግ ምክንያቱንና ገንዘቡ የሚለቀቅበትን ቀን በጽሑፍ ማስታወቅ ግዴታው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የተያዘበት ሰው ይህን ጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው። የተጻፈለትን ቀንም ይዞ ኪራዩንና ሌላውን ወጪ በዚያው ልክ ማዘጋጀት ይችላል።

የተሰማ መኪና

ገንዘብ መያዙ የሚያበሳጨውን ያህል፣ ፈጥኖ መለቀቁ ደግሞ የበለጠ አደጋ አለበት። ይህን ለማስረዳት አንድ ሰው በኀሳባችን እንፍጠርና ስሙን ተሰማ እንበለው። ተሰማ በቨርጂንያ ውስጥ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ይኖራል። በሒሳቡ 900 ዶላር አለው። አሮጌ መኪናውን በ4,500 ዶላር ለመሸጥ ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ያላየው ሰው ጻፈለት፤ ዋጋውንም ሳይከራከር ተቀበለ። ከጥቂት ቀን በኋላ በፖስታ ቼክ መጣ። በቼኩ ላይ የተጻፈው ግን 6,200 ዶላር ነው። ገዢው «ትርፉን 1,700 ዶላር መኪናውን ለሚጭነው ሰው ላክልኝ» ሲል ጻፈ።

ቼኩ ተራ ቼክ አልነበረም። ባንክ ራሱ በራሱ ላይ የሚቈርጠው ዓይነት ቼክ ይመስል ነበር፤ በአገራችን ሲፒኦ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነው። በኢትዮጵያ ቤትና መኪና የሚሸጥ ሰው ሲፒኦ ከተሰጠው ልቡ ይረጋል፤ ባንኩ ገንዘቡን አስቀድሞ ከገዢው ላይ ወስዷልና። ተሰማም ይህንኑ አሰበ። የአሜሪካ ሕግም እንዲህ ላለው ቼክ አመኔታ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ራሱ ቀርቦ በመስኮት ካስገባው በማግሥቱ በሙሉ መለቀቅ አለበት ይላል። ሕጉ ይህን የሚለው ግን ለእውነተኛው ቼክ ብሎ ነው። ወረቀቱ አስመሳይ ሲሆን ሠራተኛው በመስኮት ላይ ሆኖ ይህን ለይቶ ማወቅ ያዳግተዋል።

ተሰማ ማክሰኞ አስገባ። ረቡዕ ጧት ሒሳቡን ቢያይ 7,100 ዶላር ሆኗል፤ ሁሉም ወጪ ሊሆን የሚችል ነው። ወደ ባንኩ ስልክ ቢደውል «አዎን፣ ገንዘቡ ተለቋል» አሉት። የተናገሩት እውነት ነው። ረቡዕ ከቀትር በኋላ 1,700 ዶላር በሐዋላ ላከ። የቀረው 5,400 ሆነ።

በዚያው ረቡዕ ዕለት የቼኩ ሥዕል በግርጌው አድራሻው ወደ ተጻፈው ባንክ ደርሶ ነበር። ባንኩ የራሱን መዝገብ ሲያገላብጥ በዚህ ተራ ቁጥር የቈረጠው ቼክ አላገኘም። ሐሙስ ማታ መለሰው። ዓርብ ተመላሹ ደረሰ፤ የተሰማ ባንክም የጻፈውን 6,200 ዶላር ሰረዘ። ከ5,400 ላይ 6,200 ሲነሣ ሒሳቡ በ800 ዶላር ዕዳ ውስጥ ገባ። የራሱ የነበረው 900 ዶላር አልቋል፤ በላዩም የ800 ዶላር ባለዕዳ ሆኗል። ድምሩ አታላዩ የወሰደው 1,700 ነው።

የማታለሉን ዘዴ ስንመረምረው በሁለት ዓይነት ገንዘብ መካከል ባለው ልዩነት ላይ የቆመ ሆኖ እናገኘዋለን። በቼክ የሚገባው ገንዘብ ጊዜያዊ ነው፤ ሊመለስ ይችላል። በሐዋላ የሚወጣው ግን የመጨረሻ ነው፤ ተቀባዩ ከወሰደው በኋላ የሚያስመልሰው የለም። አታላዩ የሚፈልገው ተሰማ በእነዚህ ሁለቱ መካከል እንዲቆምና በተስፋ የተጻፈውን ቁጥር በእውነተኛ ገንዘብ እንዲለውጥለት ነው። ለዚህም ከረቡዕ ጧት እስከ ዓርብ ያለው ጊዜ ይበቃዋል።

አንዳንድ ጊዜ ጊዜው ከዚህም ይረዝማል። አታላዩ የአንዱን ባንክ ስም ጽፎ የሌላውን ባንክ የአድራሻ ቁጥር ከግርጌው ላይ ያትማል። ያን ጊዜ ቼኩ ወደ ተሳሳተ ቤት ሄዶ ይንከራተታል፤ መርዶውም በዚያው ልክ ይዘገያል። እውነተኛ ቼክ ተሰርቆ የባለቤቱ ስም ወይም የገንዘቡ ልክ ተፍቆ ከተለወጠ ደግሞ ባለሒሳቡ የወር መግለጫውን እስኪያይ ድረስ ማንም ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ቼክ እኩለ ሌሊቱ ካለፈ ከወራት በኋላ እንኳ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

ከላይ ከተነገረው የሚከተለው ምክር ጥቂት ነው። ቼክ ያስገባ ሰው ባንኩን ሲጠይቅ «ገንዘቡ ተለቋል ወይ?» ቢል መልሱ ስለ ቼኩ ምንም አይነግረውም። መጠየቅ ያለበት ትእዛዙ የተጻፈለት ከፋዩ ባንክ ነው፤ የቼኩን ደኅንነት የሚያውቀው እሱ ብቻ ነውና። የሚደውልበትንም ስልክ በቼኩ ላይ ከታተመው መውሰድ የለበትም፤ ቼኩን ያተመ አታላይ ስልኩንም የራሱን አድርጎ ሊያትም ይችላል። የባንኩን ስልክ ከሌላ ስፍራ ራሱ ፈልጎ ያግኝ። ቼኩን የቈረጡት እነሱ መሆናቸውን፣ ተራ ቁጥሩንና የገንዘቡን ልክ፣ የተቀባዩንም ስም ይጠይቅ።

ከዚህም የሚሻለው ከገዢው ጋር አብሮ ወደ ገዢው ባንክ ሄዶ ቼኩ ፊት ለፊት ሲቈረጥ ማየት ነው። በአዲስ አበባ ቤት ሲሸጥ ሻጭና ገዢ ባንክ ድረስ አብረው ሄደው ሲፒኦውን እዚያው የሚረካከቡበት ልማድ አለ። ይህ ልማድ ባሕር ቢሻገርም የሚጠቅም ነው።

ካስፈለገው ገንዘብ በላይ ጽፎ «ትርፉን መልስልኝ» የሚል ቼክ ግን ምርመራም አያሻውም። መኪናውን በ4,500 ዶላር የሚገዛ ሰው 6,200 ዶላር የሚልክበት አንድም ቅን ምክንያት የለም። እንዲህ ያለ ቼክ የደረሰው ሰው ወደ ባንክ ሳይወስደው ይተወው፤ አስገብቶትም እንደ ሆነ ከእሱ ላይ አንዲት ሣንቲም ለሌላ ሳይልክ ለባንኩ ያስታውቅ። ገንዘቡ ከሒሳቡ እስካልወጣ ድረስ ቼኩ ቢመለስም የሚሰረዘው በወረቀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው፤ የራሱ 900 ዶላር ግን በስፍራው ይቆያል።